ያረፈደውንና ቀድሞ የወጣውን ሠልጣኝ እንዴት እንመዝግብ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ የሥልጠና ክፍል ነው የምሠራው። ባለፈው ኦዲት በእሳት አደጋ ሥልጠናችን የፊርማ ወረቀት ላይ ግኝት ተያዘብን። ጠዋት አንዴ እናስፈርማለን። ያረፈደም ሲገባ ይፈርማል። ቀድሞ የሚወጣውን ግን የሚመዘግብ የለም። አለቃዬ ‹ሁሉም 2፡30 ገባ ተብሎ ይሞላ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ይሁን› ይላሉ። ሌሎች የአሻራ ማሽን ይገዛ ይላሉ። ስንት ደቂቃ ያረፈደ ነው እንደቀረ የሚቆጠረው? የድሮዎቹን ወረቀቶችስ ማስተካከል እንችላለን?»

ምላሽ፦ አለቃዎ ያሉት አይደረግም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አርባ ሰው በአንድ በር በአንድ ደቂቃ ውስጥ አይገባም። ኦዲተሩም ይህን ያውቃል። በሁሉም መስመር ላይ «2፡30» የሚል ወረቀት ሲያይ ጥቂት ስሞች ይመርጣል። ከዚያ የዚያን ቀን የበር አሻራ፣ የፈቃድ ፋይልና የላይን የምርት መዝገብ አምጡ ይላል። 2፡30 ሥልጠና ላይ ነበረች የተባለችው ሠራተኛ በዋናው በር አሻራ የሰጠችው 2፡47 ሆኖ ይገኛል። ሌላው ያን ሳምንት ዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። ሦስተኛዋ 3 ሰዓት ላይ ማሽኗ ላይ ሆና ምርት ተመዝግቦላታል። ከዚህ በኋላ የግኝቱ ዓይነት ይለወጣል። «አንዲት ሠራተኛ ሥልጠና ጎድሏታል» የሚል ግኝት በአንድ የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ይዘጋል። «ድርጅቱ ሰነድ ፈጥሮ ያቀርባል» የሚለው ግን በቀላሉ አይዘጋም። ኦዲተሩ ከዚያ ወዲያ የደመወዝ መዝገባችሁንም፣ የትርፍ ሰዓት መዝገባችሁንም በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ስለዚህ «2፡50 ገባ» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት አያሳፍርም። እንዲያውም ጥቂት ያረፈዱ፣ አንድ ሁለት ቀድመው የወጡ፣ አንድ የቀረ ሰው ያለበት ወረቀት ይበልጥ ይታመናል። እውነተኛ የሥልጠና ቀን የሚመስለው እንደዚያ ነው።

ወደ ደቂቃው ጥያቄ ልምጣ። ብዙ ሰው በሕግ የተቆረጠ ቁጥር ያለ ይመስለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ ስለሥራቸው አደጋና ስለጥንቃቄው በቂ መመሪያ ማግኘታቸውን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የሥራ ደኅንነትና ጤንነት መሥፈርቱ አይኤስኦ 45001ም ሠራተኛው ብቁ ስለመሆኑ በሰነድ የተያዘ ማስረጃ ይፈልጋል። ሁለቱም ግን ፊርማ በስንት አምድ ይሁን፣ ስንት ደቂቃ ያረፈደ ቀሪ ይባል አይሉም። ያን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ኦዲተሩ ደግሞ የሚለካችሁ ራሳችሁ ጽፋችሁ ባጸደቃችሁት ደንብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጠንካራ ለመምሰል የማትጠብቁትን ደንብ አትጻፉ። «ከ5 ደቂቃ በላይ ያረፈደ አይገባም» ብላችሁ ጽፋችሁ 2፡52 የመጣን ሰው ካስገባችሁ፣ ደንቡ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይመጣባችኋል። ባትጽፉት ይሻል ነበር። የባየር ውል ወይም የመሥፈርት ሰነድ የራሱ መጠን ካለው ግን እሱ ይቀድማል። ደንቡን ከመጻፋችሁ በፊት ያን አገላብጡ።

ሌላው የተለመደ ስህተት በመቶኛ መወሰን ነው። «80 በመቶ የተከታተለ ሠልጥኗል» ይባላል። ለአጠቃላይ ገለጻ ያስኬድ ይሆናል። ለደኅንነት ሥልጠና ግን አይሠራም። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ።

ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 የእሳት አደጋ ሥልጠና ነበር እንበል። ከ2፡30 እስከ 6፡00፣ መሐሉ ላይ ከ4፡00 እስከ 4፡15 የሻይ ዕረፍት። ዕረፍቱ ሲቀነስ 195 ደቂቃ ትምህርት ይቀራል። አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ከ2፡30 እስከ 3፡15 የእሳት መነሻዎች፣ 45 ደቂቃ። ከ3፡15 እስከ 4፡00 የቆሻሻ ማስለቀቂያና ሌሎች ኬሚካሎች አያያዝ፣ 45 ደቂቃ። ከዕረፍት በኋላ እስከ 5፡15 በእሳት ማጥፊያ የተግባር ልምምድ፣ 60 ደቂቃ። ከዚያ እስከ 5፡40 የመውጫ መንገዶችና የመሰብሰቢያ ቦታ፣ 25 ደቂቃ። የመጨረሻው 20 ደቂቃ ፈተና ነው።

ሦስት ሠራተኞችን እንከተል። የመጀመሪያዋ 2፡50 ደረሰች፤ እስከ መጨረሻው ቆየች። 20 ደቂቃ አመለጣት፣ 175 ደቂቃ ተከታተለች። ይህ 90 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው በሰዓቱ መጣ፤ ለጁምዓ ብሎ 5፡20 ወጣ። 40 ደቂቃ አመለጠው። የተከታተለው 155 ደቂቃ ነው፤ ከ80 በመቶ ለጥቂት ዝቅ ይላል። ሦስተኛዋ በሰዓቱ መጣች። 5፡10 ላይ ሱፐርቫይዘሯ ለአስቸኳይ ሥራ ጠራት፤ 5፡40 ለፈተናው ተመለሰች። 30 ደቂቃ ነው ያመለጣት፣ 165 ደቂቃ ተከታትላለች። 85 በመቶ ገደማ።

በመቶኛው ደንብ ሦስተኛዋ አልፋለች። ነገር ግን በየት በር እንደሚወጣና ውጭ የት እንደሚሰበሰብ አንድም ቃል አልሰማችም። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። ጠዋት አንዴ በሚፈረመው ወረቀታችሁ ላይ ደግሞ እሷም፣ 5፡20 የወጣውም ሙሉ በሙሉ እንደተገኙ ነው የሚታየው። መግቢያ ላይ ብቻ የሚፈረም ወረቀት ሰው መምጣቱን ይናገራል፤ መቆየቱን አይናገርም።

ስለዚህ የምመክረው በመቶኛውን ትታችሁ በትምህርት ክፍል እንድትወስኑ ነው። ደንቡን እንዲህ አድርጉት። 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሆነ ክፍል እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ባጠረ ክፍል እስከ 5 ደቂቃ ያመለጠው ሰው ክፍሉ «ተሟልቷል» ይባልለታል። ሰዓቱ ግን እንዳለ ይጻፋል። ከዚያ በላይ ያመለጠው ክፍል «አልተሟላም» ይባላል፤ ያ ክፍል ብቻ ይካካሳል። በተግባር ልምምድ ላይ ሌላ መለኪያ ይጨመራል። ሰውየው ማጥፊያውን ራሱ ይዞ፣ ፒኑን ነቅሎ፣ ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሮ መርጨቱን አሠልጣኙ በስሙ ፊት ምልክት ያደርጋል። ካላደረገው፣ ሙሉውን 60 ደቂቃ ቆሞ ቢያይም አልተሟላም። ያልተፈተነ ደግሞ ይፈተናል። ለፈተና የሚታለፍ ደቂቃ የለም።

አሁን ሦስቱን በዚህ እንመዝን። 2፡50 የደረሰችው የመጀመሪያውን ክፍል ትካካሳለች፤ ሌላው ሁሉ ተሟልቶላታል። 5፡20 የወጣው ከመውጫ መንገዶቹ ክፍል 5 ደቂቃ ብቻ ነው የሰማው፤ ያንን ክፍልና ፈተናውን በሌላ ቀን ይወስዳል። በሱፐርቫይዘር የተጠራችው ከተግባር ልምምዱ የመጨረሻ 5 ደቂቃ አምልጧታል፤ ማጥፊያውን መያዟ ከተመዘገበ ክፍሉ ተሟልቷል። የመውጫ መንገዶቹን ክፍል ግን ሙሉውን ትደግማለች። ፈተናውን አልፋ እንኳ ቢሆን ትደግማለች። ያልተማረችውን መልስ ከጎረቤት አይታ ሊሆን ይችላል።

ያረፈደን ሰው ከበር መመለስ አልመክርም። ከተመለሰ የሚያመልጠው ሁሉም ነው። ይግባ፣ ሰዓቱ ይጻፍ፣ የጎደለው ይካካስ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀቱ በትክክል ከተዘጋጀ ነው። ባዶ ወረቀት አዙራችሁ ሰው ስሙን እየጻፈ የሚፈርምበትን አሠራር ተዉት። ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የመጣውን እንጂ መምጣት የነበረበትን አያሳይም። ኦዲተር ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው መሠልጠን ነበረበት?» ብሎ ነው። ሁለተኛ፣ ወሎ ውስጥ ነን። አንድ ላይን ላይ ሁለት ሰይድ መሐመድ፣ ሦስት ፋጡማ አሊ ቢገኙ የሚገርም አይደለም። ስም ከነአባት ብቻ ማንነትን አይለይም። አንዱ ሰይድ ሠልጥኖ ሌላው ሰይድ ባይሠለጥን ወረቀታችሁ መለየት አይችልም። በእጅ ሲጻፍ ደግሞ «መሐመድ» «ሙሐመድ» ይሆናል፤ «ሰይድ» «ሠይድ» ይሆናል። ከደመወዝ መዝገቡ ጋር ማመሳከር ፈተና ነው።

ከሥልጠናው አንድ ቀን በፊት የሰው ሀብት ክፍል መሠልጠን ያለባቸውን ዝርዝር ያውጣ። መታወቂያ ቁጥር፣ ስም ከነአያት፣ የሥራ ክፍል ታትሞ ይምጣ። ከታች አምስት ያህል ባዶ መስመር ይቀመጥ፤ ዝርዝሩ ላይ ሳይኖር የሚመጣ አይጠፋም። ከስሙ ቀጥሎ መግቢያ ሰዓትና ፊርማ፣ ከዕረፍት በኋላ ፊርማ፣ መውጫ ሰዓትና ፊርማ፣ በመጨረሻ ማስታወሻ። ሰባት ስምንት አምድ ነው፤ ኤ4ን አግድም ብታትሙት በቂ ቦታ አለው። ራስጌው ላይ የሥልጠናው ስም፣ የወረቀቱ ቁጥር፣ ቀን፣ የታቀደው ሰዓት፣ በትክክል የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የአሠልጣኙና የመዝጋቢው ስም ይግባ። የትምህርት ክፍሎቹም ከነሰዓታቸው ይዘርዘሩ። አለዚያ «5፡20 ወጣ» የሚለው ምን እንዳመለጠው አይነግርም።

አሠልጣኙና መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁኑ። እያስተማረ በር የሚጠብቅ የለም። መዝጋቢው በሩ አጠገብ በጠረጴዛ ይቀመጥ። ወረቀቱ ከጠረጴዛው አይነሳ። በክፍሉ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ወረቀት ላይ ሰው ለጓደኛው ይፈርማል፤ ከሁለት ሰው በላይ የሆኑ ፊርማዎች በአንድ እጅ ጽሑፍ ሲታዩ ኦዲተር አይስተውም። ሰዓቱን የሚጽፈው መዝጋቢው ነው፣ ሠልጣኙ የሚፈርመው ከጎኑ ነው። ሠልጣኝ ራሱ ሰዓት ከጻፈ ከላዩ ያለውን ይገለብጣል። መፈረም የማይችል ሠራተኛ የጣት አሻራ ያድርግ፣ መዝጋቢው ከጎኑ በአጭር ፊርማ ያረጋግጥ።

ብዙ ቦታ የሚበላሸው መውጫው ላይ ነው። ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ሰው ይጣደፋል፤ መዝጋቢው ይጨናነቃል፤ «ቀድማችሁ ፈርሙ» ይባላል። ያን ጊዜ የመውጫ ፊርማው ዋጋ ያጣል። ለአንድ ሰው አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ለአርባ ሰው ወደ ሰባት ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ሰው ካለ ሁለት ጠረጴዛ አድርጉ፤ በመታወቂያ ቁጥር ክፈሉት። መውጫ ሳይፈርም የሄደ ካለ መዝጋቢው በባዶው ቦታ «አልፈረመም» ብሎ ይጻፍ። በማግስቱ ተጠርቶ አይፈርም።

ከዕረፍት በኋላ የሚፈረመው አንዳንዱ ሰው ትርፍ ድካም ይመስለዋል። ከሻይ ሳይመለስ ወደ ላይን የሚሄደውን የሚይዘው ግን እሱ ብቻ ነው። በመሐል እንደ ሦስተኛዋ ሠራተኛ ለሚጠሩት ደግሞ በማስታወሻው አምድ «ከ5፡10 እስከ 5፡40 ወጣ ብላለች» ተብሎ ይጻፋል። ቀድሞ የሚወጣም ሆነ ወጣ ብሎ የሚመለስ፣ ማን እንዳስፈቀደው በአንድ ቃል ይግባ። «በፈቃድ»፣ «በሱፐርቫይዘር ጥሪ»፣ «ያለፈቃድ» በቂ ነው። የመውጫ ወረቀት ካለ ቁጥሩ ይጻፍ። የሕመም ዝርዝር ግን በዚህ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አይጻፍ። ይህን ወረቀት ባየርም፣ ኦዲተርም፣ ቀጥሎ የሚፈርመው የሥራ ባልደረባም ያየዋል። አንዲት ሴት ለምን ሐኪም ቤት እንደሄደች የማወቅ መብት የላቸውም።

ስለሰዓት ልጨምር፤ እኛ አገር ልዩ ጣጣ አለበትና። እናንተ 2፡41 ብላችሁ የጻፋችሁትን የበሩ ማሽን 08:41 ይለዋል። ከውጭ የሚመጣ ኦዲተር 2፡41ን ከሌሊቱ ወይም ከቀትር በኋላ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ራስጌው ላይ «ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ 2፡30 = 08:30» ብላችሁ አትሙ። ቀኑንም በሁለቱም ጻፉ፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2025። በአንድ ወረቀት ላይ ግን የሰዓት አቆጣጠር አትቀላቅሉ። መግቢያው በኛ፣ መውጫው በፈረንጅ የተጻፈበት ወረቀት ለማንም አይገባም። ኤክሴል ላይ ስታስገቡ ሁሉንም ወደ 24 ሰዓት ለውጡት። የማታ ሽፍት ሥልጠና ከ11፡30 እስከ 1፡00 ቢሆን በኛ ሰዓት ሲቀነስ ውጤቱ ነጋቲቭ ይወጣል። 17:30 እና 19:00 ብላችሁ ካስገባችሁት 90 ደቂቃውን በትክክል ይሰጣችኋል። የመዝጋቢው ሰዓትና የበሩ ማሽን ሰዓትም ጠዋት ይመሳከሩ። ማሽኑ ስምንት ደቂቃ ወደፊት ከሆነ ሰው ሁሉ ወደ ግቢ ከመድረሱ በፊት ሥልጠና የገባ ይመስላል። ልዩነት ካለ ራስጌው ላይ ይጻፍ።

በብዛት የሚያረፍዱት እነማን እንደሆኑም እዩ። ከደሴ በሰርቪስ የሚመጡት አሥራ ምናምን ሰዎች በአንድ ላይ 2፡50 ከደረሱ የሰዎቹ ጥፋት አይደለም። ክረምት ላይ የደሴ መንገድ በጭጋግ ሲዘጋጋ ሰርቪስ ይዘገያል። እንዲህ ሲሆን ሁለት አማራጭ አለ። ወይ ሥልጠናውን ጠብቃችሁ 2፡55 ትጀምራላችሁ፤ ወይ በ2፡30 ጀምራችሁ የሰርቪሱን ሰዎች የመጀመሪያ ክፍል በቡድን ትካክሳላችሁ። የመጀመሪያው ይሻላል። ነገር ግን «የተጀመረበት ሰዓት» የሚለው ቦታ ላይ 2፡55 መጻፍ አለበት፤ የክፍሎቹም ሰዓት አብሮ ይገፋል። የታቀደው 2፡30 ነው ብሎ እሱኑ መተው ወረቀቱን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ዓርብም እንደዚሁ። በኮምቦልቻ ዓርብ እስከ 6 ሰዓት የሚዘልቅ ሥልጠና ካወጣችሁ ከ5 ሰዓት በኋላ ክፍሉ እንደሚሳሳ ከመጀመሪያው ይታወቃል። ሰው ይታጠባል፣ ይሄዳል፣ ቦታ ይይዛል። ከቻላችሁ ቀኑን ቀይሩ። ካልቻላችሁ 5 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ሁለቱም ካልሆነ የመውጫ መንገዶቹን ክፍል ከዕረፍት በፊት አምጡትና ለመጨረሻ ቀለል ያለውን አስቀሩ። በምሳሌው ላይ 5፡20 የወጣው ሰው ጥፋቱ ከእሱ ይልቅ የፕሮግራሙ ነው።

ሥልጠናው እንዳለቀ ወረቀቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ይዘጋ። ባልተጠቀማችሁበት መስመር ላይ ረጅም ሰረዝ ይሳብበት፤ በኋላ ስም እንዳይጨመር። ያልመጡት በስማቸው ፊት «ቀሪ» ይባሉ፤ ባዶ አይተው። ከታች ሦስት ቁጥር ይጻፍ፦ የተጠሩ፣ የተገኙ፣ ሁሉንም ክፍል ያሟሉ። ለምሳሌ 40 ተጠርተው፣ 38 ተገኝተው፣ 35 አሟሉ። አሠልጣኙና መዝጋቢው ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙ። በዚያው ቀን ስካን ይደረግ። ዋናው ወረቀት በቁጥሩ ፋይል ይግባ።

ስህተት ከተጻፈ የተሳሳተው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ቀንና አጭር ፊርማ ያኖራል፤ ምክንያቱ በሁለት ቃል ይገባል። ነጭ ማጥፊያ የሚባለውን ነገር ከዚያ ጠረጴዛ አርቁት። እርሳስም እንደዚሁ። ወረቀቱ ቡና ቢፈስበት ወይም ቢቀደድ «ንጹሕ ኮፒ» አትገልብጡ። የተበላሸው ራሱ ነው ዋናው ሰነድ።

ማካካሻው የራሱ ወረቀት ይኑረው። ብዙ ድርጅት የሚወድቀው ያመለጠው ሰው ሲካካስ በድሮው ወረቀት ላይ በማስፈረም ነው። በጥቅምት 14 ወረቀት ላይ ጥቅምት 20 የተደረገ ፊርማ አይገባም። አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ቀን፣ የተሰጠው ክፍል ስም፣ «ለወረቀት ቁጥር ይህን ያህል ማካካሻ» የሚል መስመር። ሁለቱን የሚያገናኘው በሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር የተያዘ አንድ ማጠቃለያ መዝገብ ነው። የእሳት አደጋ ሥልጠናው «ተጠናቋል» የሚባለው በዚያ መዝገብ ላይ የመጨረሻው ክፍል በተሟላበት ቀን ነው። የሰባት የሥራ ቀን ገደብ ስጡት። እስከዚያው ሥልጠናው ግድ በሆነበት ሥራ ላይ ሰውየው አይመደብ፤ የኬሚካል ክፍሉን ያልተከታተለች ሠራተኛ ቆሻሻ ማስለቀቂያ ክፍል አትሥራ። ማካካሻው ከሽፍት በኋላ ከሆነ ያ ሰዓት በሰዓት መዝገቡ ላይ ይያዝ። ግዴታ የሆነ ሥልጠና የሥራ ጊዜ ነው። ኦዲተሩ የሥልጠና ወረቀቱን ከትርፍ ሰዓት ክፍያው ጋር ያመሳክራል፤ በወረቀቱ ላይ 12፡30 ወጣች የተባለች ሠራተኛ በደመወዝ መዝገቡ ላይ በ11 ሰዓት ሥራ ጨርሳ ከተገኘች ሌላ ግኝት ይወለዳል።

ስለአሻራ ማሽኑ፦ አሁን አትግዙ። የበሩ ማሽን ሰው ግቢ መግባቱን ያሳያል። የሥልጠና ክፍሉ ማሽን ደግሞ ጣት መንካቱን ያሳያል። ነክቶ የወጣን ሰው ማሽኑ አያየውም። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል፤ በመርፌና በጨርቅ የተላጠ ጣትም በቀላሉ አይነበብለትም። ማሽኑ ያልተቀበለውን ሰው በእጅ ትጽፋላችሁ፤ ያን ጊዜ ሁለት መዝገብ ይኖራችኋል፤ ሁለቱ ደግሞ አይገጥሙም። ከማሽኑ ወደ ኤክሴል የሚወጣውን ፋይል ማንም ሊቀይረው ስለሚችል በዚያው ቀን ታትሞ ካልተፈረመበት ከወረቀት የተሻለ እምነት አያገኝም። በየሳምንቱ መቶዎችን የምታሠለጥኑ ከሆነ ወደፊት ሊታሰብ ይችላል። ያኔም ቢሆን መግቢያና መውጫ ሁለቱም መነበብ አለባቸው፤ ክፍል በክፍል የመወሰኑ ሥራም ከሰው ላይ አይወርድም። የበሩ ማሽን ግን አሁንም ይጠቅማችኋል። ወረቀቱ በተዘጋ በማግስቱ አምስት ስሞች መርጣችሁ ከበሩ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። ውጤቱን ጻፉና ፈርሙበት። ኦዲተሩ የሚያደርገውን ቀድማችሁ ማድረግ ነው፤ ልዩነት ካለ ገና ትኩስ እያለ ታገኙታላችሁ።

የድሮዎቹን ወረቀቶች በተመለከተ፣ አትንኳቸው። የመውጫ ሰዓት አትጨምሩ፣ ፊርማ አታሟሉ፣ እንደገና አታትሙ። ሰዎቹን ጠርታችሁ በድሮ ቀን ማስፈረም ከአለቃዎ ሐሳብ ጋር አንድ ነው፤ እንዲያውም ሠራተኞቹን ምስክር ያደርጋቸዋል። ኦዲተር ሠራተኛን ለብቻው አነጋግሮ «ይህን መቼ ፈረምክ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው።

የሚደረገው ይኸው ነው። የዛሬ ቀን ያለበት ማስታወሻ ጻፉ። ከየትኛው እስከ የትኛው ቁጥር ያሉት ወረቀቶች መግቢያ ብቻ እንደሚመዘግቡ፣ ስለዚህ ማን እስከ መጨረሻው እንደቆየ እንደማያረጋግጡ በግልጽ ይናገር። ከዚያ ያላችሁን ሌላ ማስረጃ ሰብስቡ፤ የፈተና ወረቀት፣ የተግባር ልምምድ ምልክት፣ የበር መዝገብ። ፈተናውን የወሰደና ማጥፊያውን የያዘ ሰው ወረቀቱ ከማስታወሻው ጋር ይያያዝለት። በሌላ ማስረጃ ማረጋገጥ የማትችሉትን ሰው ግን በአዲሱ ወረቀት እንደገና አሠልጥኑ። መጀመሪያ ኬሚካል የሚነኩትን፣ ቦይለር ላይ ያሉትንና የእሳት አደጋ ቡድን አባላቱን፤ ቀጥሎ የሌሊት ሽፍቱን፤ ከዚያ ሌሎቹን። የመጨረሻው ቀን በማስታወሻው ላይ ይቀመጥ፤ አለቃዎም ይፈርሙበት። ግኝቱ ሲመረመር ከአዲሱ ደንብና ከመጀመሪያው በትክክል ከተዘጋ ወረቀት ጋር የሚያቀርቡት ይህንኑ ማስታወሻ ነው።